የጥቁሩ ክፍል ካርድ

በሆስፒታሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ «ሲስተር ቆይማ» ነች። ስሙ የወጣላት ከገዛ አፏ ነው። አንድ ሐኪም ፈጠን ብሎ በአጠገቧ ሲያልፍ «ቆይማ፣ የዚህን ሰውዬ እግር አይተኸዋል?» ትላለች። ሐኪሙ ይቆማል። ጽዳት ሠራተኛው ባልዲውን አንጠልጥሎ ሲያልፍ «ቆይማ፣ እዚህ ጋ ደም አለ» ትላለች። እሱም ይቆማል። ራሷም እንደዚያው ናት። ከመድኃኒት ክፍል ወደ ድንገተኛ ክፍል ለመሄድ አንድ ኮሪደር ብቻ ነው ያለው፤ እሷ ግን በመካከሉ የሚያቃስት ሰው ካየች ያንን ኮሪደር ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይፈጅባታል።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ነው። «ሚስቴ ሆስፒታል ከገባች ጀምሮ ምሳ ሰዓት የሚባል ነገር አላውቅም፤ እሷ ስትደርስ እራት ነው» ይላል ለደንበኞቹ። ይህን ሲል ግን አይከፋውም፤ ይልቁንም ይኮራል።

ሲስተር ቆይማ እዚህ ሆስፒታል የመጣችው ገና አንድ ሕንፃና አንድ የውኃ ታንከር ብቻ በነበረው ጊዜ ነው። ሁለት ልጆች ወለደች፤ ሁለቱንም በሥራ ቀን፣ ሁለቱንም እዚያው። ጥቂት ሐኪሞች መጥተው ሄደዋል። ብዙ ነርሶችን አሠልጥናለች። ጉልበቷ ከሁለት ዓመት ወዲህ ያስቸግራታል፤ ለማንም አልተናገረችም፤ ግን ሁሉም ያውቃል።

ዕቅዱን ያመጣው አዲሱ ዳይሬክተር ነው። ዳይሬክተሩ የሆስፒታሉ ብቸኛ ቀዶ ሐኪምም ነው። በመጣ በጥቂት ወር ውስጥ የቀን ሠራተኞች የጫነ የጭነት መኪና ተገለበጠና ተጎጂዎቹ በአንድ ላይ ደረሱ። በዚያ ቀን ሁሉም ሠራተኛ ወደሚጮኸው ሮጠ። ክንዱ የተሰበረ ወጣት በሦስት ነርስ ተከበበ። አንድ ዝም ያለ ሰውዬ ደግሞ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ማንም ሳይጠይቀው ሞተ። ሆዱ ውስጥ እየደማ ነበር። ዳይሬክተሩ ያንን ሰውዬ ካየ ከሳምንት በኋላ ስብሰባ ጠራ።

«የጮኸው ታከመ፣ ዝም ያለው ሞተ» አለ። «ሰነፎች ስለሆንን አይደለም። ማን የት እንደሚቆም ስላላወቅን ነው።»

ዕቅዱ ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ከፖሊስ ወይም ከአምቡላንስ ስልክ ሲመጣ ተረኛው ሐኪም «ዕቅዱ ተጀምሯል» ይላል። ስልከኛዋ በተራ ትደውላለች። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የነበሩ በሽተኞች ወደ ዋርድ ይዛወራሉ። ከሁለቱ በሮች አንዱ ይዘጋል፤ ተጎጂ የሚገባው በአንዱ ብቻ ነው። በሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ እያንዳንዱን ያያል፤ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ምልክት አንገቱ ላይ ያስራል። ቀይ አሁኑኑ እጅ ካልነካው የሚሞት ነው። ቢጫ ትንሽ ሊታገሥ የሚችል ነው። አረንጓዴ በእግሩ የሚሄድ ነው። ጥቁር የሞተ ነው፤ ወይም እስትንፋሱ ቢኖርም በዚያ ሰዓት ባለው ሰውና ዕቃ ሊተርፍ የማይችል ነው።

ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ካርድ አለ። ካርዶቹ በላስቲክ ተለብጠው ድንገተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። የሰው ስም አልተጻፈባቸውም። «ስም ከጻፍን» አለ ዳይሬክተሩ፣ «ስሙ ፈቃድ የወጣ ቀን ካርዱም ፈቃድ ይወጣል።» ስለዚህ ሥራው ይጻፋል፤ ሠራተኛው ደግሞ ለየትኛው ካርድ እንደሠለጠነ ያውቃል፤ እሱ ከሌለ ተተኪው ያነሣዋል። ካርዱ ላይ የት እንደምትቆም፣ ለማን እንደምታሳውቅ፣ መጀመሪያ ምን እንደምታደርግ ተጽፏል። ከታች በቀይ ደግሞ ምን እንደማታደርግ። አዛዥነቱን ዳይሬክተሩ ለራሱ አልወሰደም። ለሜትሮኗ፣ ማለትም ለነርሶቹ ሁሉ አለቃ፣ ሰጣት።

«ቢላዋ የያዘ ሰው ስልክ አይዝም» አለ። «እኔ ኦፕራሲዮን ክፍል ነኝ። እሷ ያለችኝን አደርጋለሁ።»

የበሩ ካርድ የማን እንደሚሆን ማንም አልጠየቀም። ሲስተር ቆይማ ነች እንጂ ሌላ ማን ሊሆን? ልብስ ሰፊው ካርድ የያዙት የሚለብሷቸውን ባለቀለም ሰደርያዎች ሲሰፋ የበሩን ሰደርያ በሚስቱ ልክ ነበር የቆረጠው።

ከዚያ ልምምዱ መጣ። ከአቅራቢያው ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቀይ ቀለም ተቀብተው ግቢው ውስጥ ተኙ። እያንዳንዱ ደረቱ ላይ ሕመሙ ተጽፎለታል። ሲስተር ቆይማ የመጀመሪያዎቹን አራት በደንብ አየች። አምስተኛው ላይ ደረሰች። ልጁ እጁን ጨምድዶ እንዲህ አድርጎ ይቃትታል፣ ተዋናይ ነው፤ እሷም ተንበረከከች። ፋሻ አወጣች። ትራሱን አስተካከለች። «የኔ ልጅ፣ የት የት ጋ ነው የሚያምህ?» አለችው። ከኋላዋ የቃሬዛ ሰልፍ እስከ ዋናው መንገድ ወጣ። አንድ ሚኒባስ ሹፌር ጥሩምባውን ነፋ።

በሩ ላይ የቆመ ሰው አያክምም። ጉሮሮ ይከፍታል፣ የሚደማውን በጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ያስራል፣ ምልክት ያስራል፣ ያልፋል። ካርዱ ላይ በቀይ የተጻፈው ይኸው ነው፤ ሲጻፍ እሷም ነበረች።

በዚያው ቀን ፖርተሮቹም ተተራመሱ። ፖርተሮቹ ቃሬዛና ጋሪ የሚገፉት ሰዎች ናቸው። አለቃቸው ጀት ይባላል፤ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ነው ስሙ የወጣለት። ጀት አንዱን ተማሪ ቀይ ክፍል አድርሶ፣ «ይሄ እኮ ቢጫ ነው» ሲሉት ጋሪውን አዙሮ ተመለሰ። ኮሪደሩ ለሁለት ጋሪ አይበቃም። መካከል ላይ ከሌላ ጋሪ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡና ሁለቱም ቆሙ። ሲስተር ቆይማ ከበሩ ሆና ጮኸች። «አንተ ሰውዬ! በሽተኛ የጫነ ጋሪ ወደ ኋላ የለም! ወደ ፊት ብቻ! ባዶውን በውጭ ዙር!» ይህ ትክክል ነበር። በፖርተሮቹ ካርድ ላይም በቀይ ተጻፈ፦ በሽተኛ የጫነ ጋሪ ወደ ኋላ አይመለስም።

ከልምምዱ በኋላ ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራት። ዕድሜው ከመጀመሪያ ልጇ ብዙም አይበልጥም፤ ስታየው ሁልጊዜ ኮሌታውን ማስተካከል ያምራታል።

«ሲስተር፣ የበሩን ካርድ ለልጅቷ ልሰጣት ነው» አላት። ልጅቷ ሲስተር ቆይማ ራሷ ያሠለጠነቻት ወጣት ነርስ ናት። ፈጣን ናት፤ ዓይኗ አይንከራተትም።

«ስለቆምኩ ነው?»

«ስለቆሙ ነው።»

«ልጁ እኮ አጃኢብ ነው የሚተውነው። ማንም ይቆም ነበር።»

«ልጅቷ አልቆመችም። የልምምዱን ሁለተኛ ዙር በሩ ላይ ስትሠራ አይተዋታል።»

«እኔስ?» አለች።

ዳይሬክተሩ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ወደ እሷ አዞረው። የጥቁሩ ክፍል ነው። ቦታው የፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ። ሥራው ሕመም ማስታገስ፣ ብቻ አለመተው፣ ደጋግሞ ማየት፤ የሞተውን ሐኪም አረጋግጦ በጓሮ በር ወደ ሬሳ ክፍል ማስወጣት። በቀይ፦ ክፍሉን ለቀህ አትውጣ።

«ማንም አይፈልገውም ይሄን» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ዶክተር፣ እኔ ሰው ከሞት ሳወጣ ነው የኖርኩት። ሰው ስሸኝ አይደለም።»

«አንድ ጊዜ በእውነተኛ ቀን እንሥራበትና እንደገና እንነጋገራለን» አላት። «ያኔ የበሩን ካርድ እርስዎ ይገባኛል ካሉ አልከለክልዎትም።»

ይህችን ቃል ይዛ ወጣች። በሩን ትፈልገዋለች። ሠላሳ ዓመት ገደማ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው የሷን ፊት ነው፤ አሁን መጨረሻ የሚያየው ሊሆን ነው።

ቤት ስትገባ ባሏ ልብስ እየተኮሰ ነበር። ነገረችው።

«እና ሬሳ ጠባቂ አደረጉሽ?» አላት።

«ሬሳ አይደሉም። አልሞቱም ገና።»

«ይባስ ብሎ!» ብረቱን አነሣ። «ሬሳ ቢሆኑ ኖሮ ቢያንስ አይነጅሱሽም ነበር።»

ሳቀች። ከዚያ ተናደደች። ከዚያ የራሷን ጋዋን ከእጁ ነጥቃ ራሷ ተኮሰችው፤ ኮሌታው ላይ ትንሽ አቃጠለችው።

እውነተኛው ቀን የመጣው በረፋዱ ነው። ከገበያ የሚመለስ አውቶቡስ ከከተማው ውጭ ያለው ጠመዝማዛ ላይ ከአሸዋ መኪና ጋር ተጋጨና ገደሉ ጠርዝ ላይ ተጋደመ። የትራፊክ ፖሊሱ ደወለ። ተረኛው ሐኪም ደጋግሞ ሁለት ጥያቄ ጠየቀው፦ ስንት ሰው፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ። ከዚያ ስልኩን ዘጋና «ዕቅዱ ተጀምሯል» አለ።

ካርዶቹ ከግድግዳው ወረዱ። ሜትሮኗ የአዛዥነቱን ሰደርያ ለብሳ መግቢያው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ኋላ ቆመች። ጀት ፖርተሮቹን ሰብስቦ ጋሪዎቹን በሩ ላይ ደረደረ። ልጅቷ በሩ ላይ ቆመች፤ ሰደርያው ትከሻዋ ላይ ይወዛወዛል። ሲስተር ቆይማ በአጠገቧ ስታልፍ ቀና ብላ አየቻት።

«ሲስተር፣ አጠገቤ ቢሆኑ ምን አለበት?» አለች ልጅቷ።

«ካርዴ አይልም» አለች ሲስተር ቆይማ፤ ያለችውን ራሷ ሰማችውና አልወደደችውም። ሄደች።

የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ውስጥ የመራመጃ ብረቶቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው ፍራሾች አንጥፈውበታል። የስፖርት ብስክሌቱ ጥግ ላይ ቆሟል። መስኮቱ ወደ ጓሮ ያያል። በጓሮው በኩል ያለው በር ወደ ሬሳ ክፍል የሚወስደው ነው። ሲስተር ቆይማ የሕመም ማስታገሻውን ሞርፊን ፈርማ ተረከበች፣ ውኃና ጥጥ አቀረበች፣ የደም ግፊት መለኪያዋን አንገቷ ላይ አንጠለጠለች፣ ጠበቀች። ከሩቅ የአምቡላንስ ድምፅ፣ ከዚያ ጩኸት፣ ከዚያ የጋሪ ጎማ ድምፅ መጣ። ጎማዎቹ ግን ሁሉም ወደ ሌላ ክፍል ታጠፉ። ሥራ በሌለበት መቆም አታውቅበትም። የብስክሌቱን መቀመጫ በጥጥ ጠረገች።

የመጀመሪያው የመጣው ወጣት ሞቶ ነበር። ሐኪሙ መጥቶ አረጋገጠና ወጣ። ሁለተኛዋ አሮጊት ናት። ደረቷ ከወንበሩ ብረት ጋር ተጨፍልቋል። ትተነፍሳለች ማለት ይከብዳል፤ ግን ዓይኗ ክፍት ነው፤ ታያለች። ሲስተር ቆይማ ሞርፊን ሰጠቻት። ከንፈሯን በረጠበ ጥጥ አረጠበችላት። አሮጊቷ የጋዋኗን ጫፍ ያዘች፤ አልለቀቀችም።

ሦስተኛውን ጀት ገፍቶ አመጣው። ጎልማሳ ሰው ነው። ራሱ በደም ተጠምቋል፤ ፊቱ አይታይም። ሲተነፍስ ያንኮራፋል። አይመልስም፣ አይንቀሳቀስም። ፀጉሩ ውስጥ፣ ከደሙ ጋር፣ ግራጫና ነጭ የሆነ ልውስ ነገር አለ።

«ይሄማ አንጎሉ ነው» አለ ጀት ዓይኑን አዙሮ። «እዛ በር ላይም እንዲሁ ነው የተባለው።»

«አስተኛውና ሂድ፤ ጋሪው ይፈለጋል።»

ጀት በውጭ ዙር ሄደ።

ሰውዬውን በጎኑ አስተኛችው። አፉ ውስጥ የነበረውን ደም አወጣች። ማንኮራፋቱ ቀነሰ። ይህን የምታደርገው ለሚሞት ሰው ነው፤ ታንቆ እንዳይሞት። ከዚያ ፊቱን ማጠብ ጀመረች፤ ዘመድ ሲመጣ እንዲለየው። አሮጊቷ ጋዋኗን እንደያዘች ስለሆነ ወገቧን ጠምዝዛ ነበር የምታጥበው። ከፊቱ ወደ ፀጉሩ አለፈች። ግራጫው ነገር በጣቶቿ መካከል ለሰለሰ። ትንሽ ጥቁር ፍሬ አለበት። አሸተተችው።

ሙዝ ነው።

ሰውዬው የሙዝ ዘለላ ይዞ ነበር የተሳፈረው፤ ግጭቱ ጊዜ ራሱ ላይ ተጨፈለቀ። ጥጡን አስቀመጠችና የራስ ቅሉን በሁለት እጇ ዳሰሰችው። ቆዳው ከግንባር እስከ ጆሮ ተቀዷል፤ የራስ ቆዳ ሲቀደድ ደግሞ ደሙ እንደ ቧንቧ ነው። አጥንቱ ግን ጠንካራ ነው፤ የሰመጠ ቦታ አላገኘችም። ቁስሉን በፋሻ ጠበቅ አድርጋ ጠመጠመችው። የዓይኑን ቆብ ከፍታ መብራት አበራችበት፤ ሁለቱም ብሌኖች እኩል ጠበቡ። ምላሱ ጎኑ ላይ ተነክሷል። ሱሪው ርሷል። ይህን ዓይነት ሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ታያለች፤ የሚጥል በሽታ ተነሥቶበት ከዚያ የሚያንኮራፋ፣ የማይመልስ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ራሱን የሚያውቅ። ጣቱን ወግታ ስኳሩን ለካች፤ ደህና ነው። ግፊቱም ደህና ነው።

«ሰውዬ!» አለች በጆሮው። «ስማኝማ! እጄን ጭመቀኝ።»

ምንም የለም። ወደ አሮጊቷ ዞረች፤ ከንፈሯን አረጠበች። ተመለሰች። «እጄን ጭመቀኝ።» ምንም። ሦስተኛ ስትመለስ ሰውዬው ፊቱን አጨማደደ። አራተኛ ጊዜ ጨመቃት። «ልቀቀኝ» አለችው፤ ለቀቃት። በድጋሚ «ጭመቀኝ»፣ ጨመቃት።

ጥቁሩን ምልክት ከአንገቱ ፈታች። ቢጫ አሰረች፤ ፊርማዋንና ሰዓቱን ጻፈችበት። ቀሪው ቢጫ ክፍል ማድረስ ነው፤ እዚያ ሐኪም ይሰፋዋል፣ ራሱንም ይከታተለዋል።

ጀት ሌላ በሽተኛ ይዞ ሲመጣ ያዘችው። «ይሄን ቢጫ ክፍል አድርስልኝ።»

ጀት ሰውዬውን አየ፣ እሷን አየ፣ ካርዱን ከኪሱ አወጣ።

«ሲስተርዬ፣ የጫነ ጋሪ ወደ ኋላ አይመለስም።»

«አንተ! ሰውዬው እኮ አልሞተም!»

«እሱማ መች ጠፋኝ። ኮሪደሩን ይዩት እስቲ። አሁን ሦስት ጋሪ ወደዚህ ወደ ውስጥ እየመጣ ነው። ይሄን ይዤ ብገባ እንደዚያን ዕለቱ ግንባር ለግንባር ነው። ያኔ የሰደቡኝ እርስዎ ነዎት፤ በዕለቱማ ሚስቴ ሰምታ ነበር።»

ከቆመችበት አንገቷን አስግጋ በበሩ አየች። እውነቱን ነው። መንገዱን የዘጋው የራሷ ደንብ ነው። ከጥቁር ክፍል ሰው በሕይወት የሚወጣበትን መንገድ ግን ማንም አልጻፈም፤ ኮሚቴው ውስጥ ሆኖ ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። እሷም አላሰበችም።

እጇ የጋሪው ብረት ላይ ነበር። ራሷ ገፍታ ልትሄድ ትችላለች። ጋዋኗን ከአሮጊቷ እጅ መንጠቅ ነው፤ አሁን የመጣውንም ሰው ሳያዩት መተው ነው። ካርዱ ላይ በቀይ ያለውንም መጣስ ነው፤ ያ ደግሞ በሩን ለዘላለም መርሳት ማለት ነው። ይህ በአእምሮዋ ማለፉን ራሷ ታውቃለች፤ አላፈረችበትም።

«በጓሮ በር» አለች። «በወጥ ቤቱ ዙረህ፣ በልብስ ማጠቢያው ታጥፈህ፣ በቢጫ ክፍል ኋላ ትገባለህ። ኮሪደሩን አትነካም።»

«በሬሳ በር?» ጀት አማተበ። «ውጭ ቤተሰብ ቆሟል እኮ። ከሬሳ በር ሰው ቁጭ ብሎ ሲወጣ ቢያዩ ሌላ አደጋ ነው የሚሆነው።»

«ጋርደህ ውሰደዋ።»

«ሜትሮኗ ሳታውቅ ንቅንቅ አልልም። እዚህም ተጽፏል፤ ለውጥ ሲኖር ለአዛዥ።»

ይህም ትክክል ነው። «ሩጥ እንግዲህ» አለችው። «ስምህን አስመስክር።»

ጀት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠ ተብሎ በኋላ ተወራ። እሷ አላየችውም፤ አዲስ የመጣውን እያየች ነበር፤ ያም በሽተኛ ጀት ሳይመለስ አረፈ። ጀት ሲመለስ እያለከለከ «ሂድ ብላለች። ለቢጫ ክፍል ሐኪምም አስነግራለች። በር ጠባቂውን ከኋላ አቁማለች» አለ። የሬሳ ክፍሉ ሠራተኛ በሩን ከፈተ፤ ሰውዬው ከአንሶላው ሥር «የት ነው የምትወስዱኝ?» ሲል ግን ቁልፉ ከእጁ ወደቀ። «ዝም በል፣ ለጊዜው ሞተሃል» አለው ጀት፤ ገፍቶ ወጣ።

አሮጊቷ ትንሽ ቆይታ ሞተች። ጣቶቿን ከጋዋኗ ላይ አንድ በአንድ ፈታቻቸው።

በማግስቱ ግምገማው ተደረገ። በአዳራሹ የተቀመጡት ሁሉ ከእንቅልፍ እጦት ፊታቸው አብጧል። ሜትሮኗ የሠራውንና ያልሠራውን አነበበች። የኦክስጅን ሲሊንደር ቁልፍ ጠፍቶ ነበር። የቤተሰብ መጠበቂያው ላይ የሚያስረዳ ሰው አልተመደበም ነበር፤ ጥበቃው ነው ሲያስረዳ የዋለው፤ ያስረዳውም ሁሉ ስሕተት ነው። ሆዳቸው ውስጥ የሚደሙ ሁለት ሰዎች ለዳይሬክተሩ በጊዜ ደርሰውለት ሁለቱም ከኦፕራሲዮን ጠረጴዛው በሕይወት ወርደዋል። ዝም ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ልጅቷ ነች ቀይ ያሰረችላቸው።

ከዚያ ወደ ባለ ሙዙ ተደረሰ። ጀት ሰውዬው ቢጫ ክፍል ሲደርስ መጀመሪያ የጠየቀው ሙዙን መሆኑን ተናገረ። ሰዎች ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም። ተነሣች፤ የበሩን ካርድ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ሊተርፍ ለሚችል ሰው ጥቁር አስሬ ልኬያለሁ» አለች። «ሌላ ሰው ይያዘው።»

ዳይሬክተሩ ካርዱን አነሣና ወደ ሲስተር ቆይማ ገፋው።

«ቃል ገብቼልዎት ነበር» አላት። «ከፈለጉ የእርስዎ ነው።»

ሲስተር ቆይማ ካርዱን አነሣችው። ጠርዙ ላይ የደረቀ ደም አለበት። ከልምምዱ ቀን ጀምሮ ይህን ስትጠብቅ ነበር። ልጅቷን አየቻት።

«ሰውዬውን ስታዪው ከኋላው ማን ነበር?»

«አላስታውስም።»

«ታስታውሻለሽ።»

ልጅቷ ወለሉን አየች። «ሕፃን ልጅ። ሴት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። አፏ ውስጥ ጥርስ ነበር፣ የተሰበረ፤ በጣቴ አወጣሁት። ተነፈሰች። ቀይ አሰርኩላት።»

«የት ናት አሁን?»

«ሕፃናት ክፍል። ዛሬ ወተት ጠጥታለች።»

«እኔ ብሆን» አለች ሲስተር ቆይማ፣ «ሰውዬው ጋ ቆሜ ነበር። ራሱን አጥቤ፣ ሙዝ መሆኑን አግኝቼ፣ እጁን አስጨምቄ፣ በኩራት ቢጫ አስሬለት ነበር። ሕፃኗ ከኋላዬ ትሞታለች። እንደማልቆም ልምልልሽ? ብምልም ውሸቴን ነው። ከሁለት ጉልበቴ አንዱ ብቻ ነው የታመመው፤ ጠባዬ ግን ድኖ አያውቅም።»

ካርዱን መልሳ ልጅቷ ፊት አስቀመጠችው።

«አንቺ እያየሽ እለፊ። ያመለጠሽ ካለ እኔ አየዋለሁ፤ እዚያ የተቀመጥኩት ለዚያ ነው። የጥቁሩን ካርድ ለሌላ እንዳትሰጡብኝ፣ ዶክተር።»

ልጅቷ ካርዱን ወዲያው አላነሣችውም። ሜትሮኗ በዚህ መካከል ስለ ጓሮ በሩ እየጻፈች ነበር፦ ከጥቁር ክፍል ወደ ቢጫ ወይም ወደ ቀይ የሚያልፍ በሽተኛ በጓሮ በር፣ በወጥ ቤት ዙር፣ በአዛዥ ፈቃድ። ጀት «በእኛም ካርድ ላይ ይጻፍ፤ አለበለዚያ መሰደቡ ለኔ ነው» አለ። ለሬሳ ክፍሉ ሠራተኛም አስቀድሞ ይነገረው ተባለ፤ ከትናንት ጀምሮ ፈቃድ ጠይቋል። ይህ ሁሉ ሲነገር ልጅቷ እጇን ዘርግታ ካርዱን ሳበችውና በእጅጌዋ ጠረገችው።

ሲስተር ቆይማ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ጠበቃት። የአሮጊቷ ልጅ ነው፤ አስከሬኑን ሊወስድ መጥቷል። እናቱ ስትሞት አጠገቧ የነበረችው ሲስተር ቆይማ መሆኗን ነግረውት ነው።

«ጮኸች?» አላት።

«አልጮኸችም። መድኃኒት ሰጥቻታለሁ። ከንፈሯን አረጠብኩላት።»

«ብቻዋን…»

«ብቻዋን አልነበረችም። ልብሴን ይዛኝ ነበር።»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ «ጫማዋ አንዱ የለም» አለ። «አንዱን ብቻ ነው የሰጡኝ።»

«የዕቃ ክፍሉ እዚህ ነው» አለችና ቀድማው ሄደች። በሩን ከፍታ፣ ጉልበቷን በእጇ ደግፋ ተንበረከከች፤ ከአውቶቡሱ የመጡትን ጆንያዎች አንድ በአንድ እየፈታች ጫማውን መፈለግ ጀመረች።